ማርሽ ስኳር ነው ላላችሁኝ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከአራት ኪሎ

ይድረስ፦ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢው ማር ለምትገዙ ሁሉ
ግልባጭ፦ የምግብ ንግድን ለሚቆጣጠረው የከተማችን ቢሮ

ውድ ደንበኞቼ፣

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ከእኔ የገዙትን አንድ ኪሎ ማር በፌስታል ይዘው ሱቄ መጡ። ምንም ሳይሉ ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ማሩ ለሁለት ተከፍሏል። ከታች ነጭ ሆኖ ረግቷል፣ ከላይ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ አቁሯል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አረፋ ይዟል። ክዳኑን ስከፍተው "ፍስስ" አለ። ሽታው ወደ ጠጅ ሄዷል።

"ልጄ፣ እኔ ማር አውቃለሁ" አሉኝ። "ይሄ ስኳር ነው። እንደ እናትሽ ብለሽ ንገሪኝ፣ ስንት ጨመርሽበት?"

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የያዘውን ጠርሙስ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ግን በዚያች ደቂቃ ይህን ላሳያቸው የምችልበት አንድም ነገር እጄ ላይ አልነበረም። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። እሳቸውም ተቀብለው ሄዱ፤ ማሩ ስኳር መሆኑን አምኜ የመለስኩ መስሏቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግኩትን፣ የተማርኩትንና አሁን እንዴት እንደምሠራ ልነግራችሁ ነው።

እናቴ ፒያሳ ከሃያ ዓመት በላይ ማር ሸጣለች። ማረጋገጫ አምጪ ያላት ሰው አልነበረም። ገዢው ቤቷን ያውቃል፣ ልጆቿን ያውቃል፣ መጥፎ ማር ብትሸጥ ነገ የት እንደሚያገኛት ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ፈርሶ ስንነሳ ሱቃችንም አብሮ ተነሳ። ደንበኞቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። እኔ አራት ኪሎ ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ ሥራውን ቀጠልኩ። እዚህ ግን ማንም አያውቀኝም። የእናቴ ስምና ፊት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ሌላ ነገር ሊሠራው ይገባል። ገዢው መጠራጠሩም አያስቀይመኝም። ቅቤውም በርበሬውም እየተቀላቀለ በሚሸጥበት ከተማ "ንጹህ ማር" ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳምንም። ስኳር ያሟሟውም ሰው የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤት ውስጥ ሙከራዎች ላውራ፤ አብዛኞቻችሁ የምትመጡት እነሱን ይዛችሁ ነውና። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር አለ፤ ከነደደ ንጹህ ነው ይባላል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማንጠብጠብ አለ፤ ሳይሟሟ ቀጥ ብሎ ከወረደ ንጹህ ነው ይባላል። አውራ ጣት ላይ ጠብ ማድረግ፣ ወረቀት ላይ ማኖር፣ ጉንዳን መጠበቅም አለ።

ከእኚያ እናት ጋር የተገናኘሁ ሰሞን እነዚህን ሁሉ ሱቄ ውስጥ ሞከርኳቸው። ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልቼ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ እስኪወፍር አቆየሁት። ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ወርቅማ ሆነ። ከጎኑ ራሴ ሄጄ ከንብ አናቢው ቀፎ ሲወርድ ያየሁትን ማር አስቀመጥኩ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቀረብኩ። የስኳሩ ሽሮፕ እንደ ክር ተስቦ ወረደና ከታች ተቀመጠ። እውነተኛው ማር ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መበተን ጀመረ። የስኳሩን የነካው ክብሪት ነደደ፤ የማሩ ጭሶ ጠፋ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እነዚህ ሙከራዎች የሚነግሩን ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ብቻ ነው። ስኳር ይኑር አይኑር አይነግሩንም። ወፍራም ሽሮፕ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ ቀጭን ማር ውሃው ብዙ ስለሆነ ይወድቃል። ስለዚህ በክብሪት የምትፈትኑ ሰዎች ሽሮፕ በደንብ ማወፈር የሚችለውን ሰው እየመረጣችሁ ሊሆን ይችላል።

ሰፈፉና የሞቱ ንቦች የተንሳፈፉበትን ማር "ይሄ እንኳ ገና ከቀፎ የወጣ ነው" ብላችሁ የምትመርጡም አላችሁ። እለምናችኋለሁ፣ በእሱም አትመኩ። ሰፈፍ በኪሎ ይሸጣል። ማንም ገዝቶ ሽሮፕ ላይ ሊጥለው ይችላል። የጭስ ሽታም እንደዚያው ነው። ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ በጭስ ስለሆነ ማሩ ጭስ ጭስ ሊል ይችላል፤ ግን ጭስ ማሽተት ማርን ከስኳር አይለይም።

አሁን ወደዚያች ጠርሙስ ልመለስ። ማሩ የመጣው ከሸካ፣ ከማሻ ነው። እዚያ ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ገተም የሚባለው የጫካ ዛፍ ካበበ በኋላ የሚቆረጠው ማር ነጣ ያለ ነው፤ ቶሎም ይረጋል። ማር የሚረጋው በውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ስኳሮች አንዱ፣ ግሉኮስ፣ ከውሃው ተለይቶ ስለሚጠጥር ነው። ፍሩክቶስ የሚባለው ሁለተኛው ግን ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ የበዛበት ለወራት ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚወስነው በዋናነት አበባው ነው። ብርድም ያፋጥነዋል፤ 14 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ለመርጋት ከሁሉም ይመቸዋል። የአዲስ አበባን የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መርጋቱ ስኳር የመጨመሩ ምልክት አልነበረም። ይልቁንስ ዓመቱን ሙሉ በፍጹም የማይረጋ የማሻ ነጭ ማር ብታገኙ ነው ብትጠይቁ ደስ የሚለኝ። ምናልባት ተፈልቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ማሻን ጨርሶ አያውቅ ይሆናል።

አረፋውና የጠጅ ሽታውስ? እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ማሻ ዝናባማና እርጥብ አገር ነው። ንብ የአበባውን ፈሳሽ በክንፏ እያራገበች ታደርቀዋለች፤ ሲበቃው በሰም ትደፍነዋለች። እንጀራው ሳይደፈን ከተቆረጠ ማሩ ውሃ እንደያዘ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ማር ውስጥ ከመቶ 20 በላይ ውሃ እንዳይኖር ይላል። ውሃ የበዛበት ማር ሲረጋ ግሉኮሱ ወደ ታች ይጠጥርና ውሃው ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ ይሰበሰባል። እዚያ ማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ይነቃል፣ መብላላት ይጀምራል። የእኚያ እናት ጠርሙስ የሆነው ይኸው ነው። ማሩ ማር ነበር። መሸጥ ግን አልነበረበትም። እኔ ባልዲውን ስረከብ ውሃውን አልለካሁም፤ ቀመስኩት፣ ጣፈጠኝ፣ ተቀበልኩት።

ታዲያ ስኳር እንደሌለበት በምን አወቅሁ? ከዚያ ማር ባልዲ ቀድቼ ያስቀመጥኩት ትንሽ ጠርሙስ ነበረኝ። እናቴ ከእያንዳንዱ ግዢ ትንሽ ቀድታ የማስቀመጥ ልማድ ነበራት፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላስብበት ቀጥዬበት ነበር። ያንን ናሙናና እናትየዋ የመለሱትን ጠርሙስ ሁለቱንም ወደ ላብራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ ከሳምንት በላይ ፈጀ። ሱክሮስ፣ ማለትም ሻይ ላይ የምንጨምረው ስኳር፣ በአንዱ ከመቶ ግራም 2.8፣ በሌላው 2.9 ግራም ነበር። ኮዴክስ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እስከ 5 ግራም ነው። ንብ ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለምትቀይረው ጥሩ ማር ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። ውሃው ግን ከመቶ 22.5 ሆኖ ተገኘ። ያ ቁጥር ነው ሁሉንም ነገር የነገረኝ።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን ልናገር። የሱክሮስ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። እኔ ሎሚ ጨምቄ እንዳፈላሁት ዓይነት ሽሮፕ ውስጥ ሱክሮሱ በአሲዱና በሙቀቱ ይሰበራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። እሱን ለመያዝ ኤች ኤም ኤፍ የሚባል ሌላ ልኬት አለ። ስኳር በአሲድ ሲፈላ ይህ ነገር ይከማቻል። ኮዴክስ በኪሎ እስከ 40 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ ከሞቃት አገር ለሚመጣ ማር እስከ 80። የዚያ ማር ውጤት 11 ነበር። ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። በእሳት የፈላ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ማርም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የረጋ ማር ስታሟሙ ምድጃ ላይ አታስቀምጡት የምለው። እጃችሁ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን አቁሙት፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል።

ከዚህም የረቀቀ ምርመራ አለ። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው አብዛኞቹ አበቦች ይለያል። ላብራቶሪው የካርቦኑን ዓይነት መዝኖ የአገዳ ስኳር መግባቱን ይለያል። የእኛ አገር ስኳር ከወንጂም ይምጣ ከፊንጫ የአገዳ ነው፤ ስለዚህ ይህ ምርመራ ለእኛ ገበያ በጣም ይስማማል። ግን እሱም ገደብ አለው። የገባው ስኳር ከመቶ ሰባት ካልሞላ በእርግጠኝነት ለመናገር ይከብዳል። ዋጋውም የአንድ ትንሽ ሱቅ አቅም አይደለም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልትረዱልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። እኔም ውጤቴን ልሰቅለው ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ከታች በትንሽ ፊደል ውጤቱ የቀረበውን ናሙና ብቻ እንደሚመለከት ተጽፏል። ናሙናውን ያቀረበው ማን ነው? እኔ። ከየትኛው ባልዲ ቀዳሁት? እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ጥሩውን ማር ልኬ ሌላውን ብሸጥ ወረቀቱ ያው ግድግዳው ላይ ይኖራል። ወረቀቱ እውነት ሆኖ ስለምትገዙት ጠርሙስ ምንም ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ማሩ ተመርምሯል ወይ የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። የተመረመረው ይህ እጄ ላይ ያለው ማር ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከመስከረም ጀምሮ የምሠራው እንዲህ ነው። ባልዲ ሲመጣ በሪፍራክቶሜትር እለካዋለሁ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ታያላችሁ፤ የውሃውን መጠን ያሳያል። ስኳር መጨመሩን አያውቅም፤ ያንን አይቼ ንጹህ ነው አልልም። ውሃው ከ20 ካለፈ ግን ባልዲውን ለጠጅ ጣይ ካልሆነ ለማንም አልሸጥም። ፈተናውን ያለፈ ባልዲ ቁጥር ያገኛል። ማሩን ያመጣው ንብ አናቢ ወይም ወኪሉ ቆሞ እያየ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ክዳናቸው ላይ ወረቀት ለጥፈን ሁለታችንም እንፈርምበታለን፤ ሳይቀደድ አይከፈትም። አንዱ ላብራቶሪ ይሄዳል፣ አንዱ ጨለማ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ባልዲ የሚቀዳ እያንዳንዱ ጠርሙስ የባልዲውን ቁጥር፣ ቦታውንና የተቆረጠበትን ወር ይይዛል። ለምሳሌ "ማሻ፣ ሰኔ 2017፣ ባልዲ 9" ይላል።

የተጠራጠረ ሰው የገዛውን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። የታሸገውን ናሙና አብረን እናወርዳለን፣ ሁለቱን ራሱ ወደ መረጠው ላብራቶሪ ይወስዳል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ሱክሮሱ ከልክ ካለፈ፣ የማሩንም የምርመራውንም ዋጋ እከፍላለሁ። እስካሁን አንድ ሰው ብቻ እስከ መጨረሻው ሄዷል። ሌሎቹ ፊርማውን ሲያዩ በቂ ነው ብለው ተመልሰዋል። እኔ ግን ሁላችሁም ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ደብተር አለኝ። ደብተሩ ለእኔ ከላብራቶሪው ወረቀት ይበልጣል። በግራ ገጽ የገባው ይጻፋል፣ በቀኝ የወጣው። ለምሳሌ በጥቅምት መጨረሻ 12 ባልዲ ገባ፤ እያንዳንዱ 25 ኪሎ፣ በአጠቃላይ 300 ኪሎ። ሳጠልለው ሰፈፉና ቆሻሻው ወጥቶ 262 ኪሎ ቀረ። በቀኝ ገጽ የሸጥኩት ሁሉ ተደምሮ ከ262 ሊበልጥ አይችልም። 400 ኪሎ የሸጥኩ ሆኖ ከተገኘ የቀረው 138 ኪሎ ከየት መጣ? ንብ አራት ኪሎ መጥታ አልሠራችውም። ማር የሚያበዛ ሰው መጠኑ ይጋለጥበታል። ለዚህ ደግሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ የግዢ ደረሰኝና የሽያጭ ደረሰኝ ብቻ ይበቃል።

ሁሉንም አረጋግጣለሁ አልልም። ንብ አናቢው ቀፎው አጠገብ የስኳር ውሃ ቢያስቀምጥ ንቧ ራሷ ትቀዳዋለች፣ ትቀይረዋለች፣ በሰም ትደፍነዋለች። ፊርማዬና ባልዲዬ ከቀፎው በኋላ ያለውን ነው የሚይዙት። ከቀፎው በፊት ያለውን ለማወቅ መሄድ ያስፈልጋል። በዓመት ሁለቴ እሄዳለሁ። በአበባ ወቅት የስኳር ጆንያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለምን እንዳስቀመጠው እጠይቃለሁ። ሌላው የሚረዳው የአበባ ብናኝ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ተክል የራሱ ቅርጽ አለው። የገተም ማር ነው ተብሎ የመጣ ማር ውስጥ የገተም ብናኝ ከሌለ ነገሩ አበቃ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ ባለሙያዎች ሆለታ ባለው የንብ ምርምር ማዕከል አሉ።

አንዳንዶቻችሁ ድሮ ጠርሙሴ ላይ "ኦርጋኒክ" የሚል ቃል እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። አሁን የለም፤ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል በአገራችን በሕግ የተደነገገ ቃል ነው፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 488። አረጋጋጭ ሳያየው የሚለጠፍ የሙገሳ ቃል አይደለም። ማር ላይ ደግሞ ይከብዳል። ላም አስረህ ትቀልባለህ፤ ንብ ግን ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቀፎው ዙሪያ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው የቀሰም ምንጭ በዋናነት ከኦርጋኒክ ማሳ ወይም ራሱ ከበቀለ ተክል እንዲሆን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ማሻ ጫካ ውስጥ ይህ ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ግን ማሰቤ ማስረጃ አይደለም። ጤፍና ስንዴ ማሳ መሃል ከተሰቀለ ቀፎ የመጣው የጥቅምት ማሬ ደግሞ በግልጽ አይቻልም፤ እዚያ የአረም መድኃኒት ይረጫል። ስለዚህ ጠርሙሴ ላይ የምጽፈው የማውቀውን ብቻ ነው፦ ቦታው፣ ወሩ፣ የቀፎው ዓይነት፣ ሳይፈላ መጠለሉ። "ለምን ኦርጋኒክ አትዪም፣ ሁሉም ይላል" የሚለኝ ሰው አለ። ሽያጬ ትንሽ እንደቀነሰ አልደብቅም።

አሁን ለቢሮው። የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሱቄ ሲመጡ ንግድ ፈቃድ ያያሉ፣ ንጽሕና ያያሉ፣ ዋጋ መለጠፉን ያያሉ። ጥሩ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ አሳሳች መግለጫን ይከለክላል። ነገር ግን ሸማቹ እጁ ላይ ያለው ጠርሙስ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መግለጫው አሳሳች መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ጠርሙሱ ላይ "ንጹህ የተፈጥሮ ማር" ከሚል ውጪ ምንም የለም። ስለዚህ የምለምናችሁ ከትንሹ ሻጭ ጀምሮ ጠርሙስ ላይ የባልዲ ቁጥር፣ ቦታና ወር እንዲጻፍ እንድታደርጉ ነው። ወጪው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሁለተኛው፣ ናሙና ስትወስዱ እኛ ካመጣንላችሁ አትውሰዱ። ራሳችሁ ከመደርደሪያ አንሱ፣ እንደ ገዢ ሆናችሁ ከፍላችሁ ግዙ። የእኔንም ጨምሮ። ደብተሩንም ጠይቁ። ስንት ኪሎ ገዛሽ፣ ስንት ሸጥሽ የሚለው ጥያቄ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ምርመራው ውድ ነውና አራት ወይም አምስት ትንንሽ ሻጮች ከአንድ አካባቢ በአንድ ላይ ያመጣነውን ማር በጋራ አስመርምረን ወጪውን የምንካፈልበት መንገድ ብታመቻቹልን ደግሞ ብዙዎቻችን እንገባበታለን። ሰፈር ውስጥ ከማውቃቸው ሻጮች ከሁለቱ ጋር አውርቼ ፈቃደኛ ናቸው።

እኚያን እናት እስካሁን አላገኘኋቸውም። ስልካቸውን አልያዝኩም ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ካወቃቸው፣ በነሐሴ አራት ኪሎ የገዙትን ማር የመለሱ እናት ቢሆኑ፣ እባካችሁ ንገሩልኝ። የሁለቱም ጠርሙሶች ውጤት እኔ ጋ አለ፤ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ስኳር አልነበረበትም። ውሃ የበዛበት ማር ስለሸጥኩላቸው ግን ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። ከዚያው ባልዲ የገዛችሁና ቤታችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሌሎችም ብትኖሩ፣ አረፋ ከያዘ አምጡልኝ፣ እቀይርላችኋለሁ። የዚያ ባልዲ የቀረው ናሙና ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በስተቀኝ፣ አሁንም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማር ነጋዴዋ፣ አራት ኪሎ